ስለ በጎ አድራጎት ድረ ገጽ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የልገሳ ቁልፉ መነሻ ገጹ ላይ ካለ ይበቃል።»

አይበቃም። ሰው ለመስጠት የሚወስነው ስለ ሥራው አንብቦ ሲጨርስ ነው፤ ቁልፉም እዚያው ይጠብቀው።

«በጎ ፈቃደኛው ሲመዘገብ ሁሉንም መረጃ በአንዴ እንሰብስብ።»

ለጊዜው ስም፣ ስልክ፣ የሚችለው ሥራና የሚመቸው ቀን ይበቃሉ። የመታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ሥራ ሲመደብለት ይጠየቃል። ፎርሙን እንደላከም መቼ እንደሚደወልለት ይነገረው።

«ግልጽነት የሚለው ገጽ ላይ የኦዲት ሪፖርቱን ፒዲኤፍ ከጫንን አለቀ።»

ይቺን ስሰማ በጣም ይደክመኛል። የኦዲት ሪፖርቱ ይኑር፣ ግድ ነው። ግን ኦዲተሩ የሚያየው የድርጅቱ ሒሳብ በአግባቡ መያዙን ነው። ለጋሹ የሚጠይቀው ደግሞ «ለውሃ ጉድጓዱ የሰጠሁት ገንዘብ ምን ላይ ዋለ?» ብሎ ነው። ጉድጓዱ ኦዲቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሌሎች ሥራዎች ጋር ተደምሮ «የፕሮግራም ወጪ» በሚል አንድ መስመር ይገባል። ፒዲኤፉን ከዳር እስከ ዳር ቢያነበው መልሱን አያገኝም።

ድረ ገጹን እንዳስተካክል የጠራኝ አንድ ድርጅት ሁሉም ነገር ነበረው፦ ልገሳ፣ ሪፖርት፣ ኦዲት። ሆኖም ሪፖርቶቹ በዓመተ ምህረት ተደርድረዋል፣ የልገሳ ፎርሙም ገንዘቡ ለየትኛው ፕሮጀክት እንደሆነ አይጠይቅም። ስለዚህ ለጋሽ ደውሎ ሲጠይቅ ሒሳብ ሠራተኛዋ ራሷ መለየት አትችልም ነበር። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ክፍያ ሲገባ ያልተለየ ገንዘብ በኋላ በሪፖርት አይለይም።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት አንድ ቋሚ ገጽ መስጠት ነው፣ ለምሳሌ `/projects/water-well`። እዚያ ያለው ቁልፍ የልገሳ ፎርሙን ፕሮጀክቱ ተመርጦ ይክፈተው፣ ክፍያውም በዚያው ስም ይመዝገብ። ከገጹ አናት ላይ በጀቱ፣ የተሰበሰበውና የወጣው ይቀመጥ፣ መረጃው የታደሰበት ቀንም ይጻፍ። በጀቱ 100,000፣ የተሰበሰበው 80,000፣ የወጣው 62,000 ከሆነ፣ በእጅ ያለው 18,000 ለምን እስካሁን እንዳልወጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩት፦ «የፓምፑ ክፍያ ተከላው ሲያልቅ ይፈጸማል» በቂ ነው። የሥራ ሪፖርቶቹ ከሥር፣ አዲሱ ከላይ ሆኖ ይደርደሩ።

የግልጽነት ገጹ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። አንድ ሠንጠረዥ ይበቃዋል፦ በየመስመሩ የዓመቱ የፕሮጀክት ወጪ ከነሊንኩ፣ በመጨረሻም የአስተዳደር ወጪ። ድምሩ ከዚያው ዓመት ኦዲት ጋር መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ ገጹን ከመልቀቃችሁ በፊት ልዩነቱን ፈልጉ፣ ምክንያቱንም ጻፉ።

ከበጀቱ በላይ ቢሰበሰብ ትርፉ የት እንደሚሄድ ፎርሙ ላይ፣ ሰውየው ከመክፈሉ በፊት ይነገረው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ደግሞ እባካችሁ ገጹን አታጥፉት። «ተጠናቋል» በሉና የልገሳ ቁልፉን ብቻ አንሱ፤ ለጋሹ ደረሰኝ ላይ ያለው ሊንክ የሚወስደው ወደዚያ ነው።