ካርዱ ላይ «ብራዲካርዲያ፣ 52» ቢጻፍስ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ለዓመታት ጠዋት ጠዋት የሚሮጥ ጓደኛዬ ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ዘንድ ሄዶ፣ ካርዱ ላይ «ብራዲካርዲያ፣ 52» ተጽፎ አየና ደንግጦ መጣ። ቃሉ የበሽታ ስም ይመስላል እንጂ ትርጉሙ «የልብ ምት በደቂቃ ከ60 በታች ነው» ከማለት አያልፍም።

ሰውነት ሲያርፍ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይበቃዋል። በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር የሚረጭ ልብ ይህን ለማድረስ 70 ጊዜ ገደማ መምታት አለበት። ሩጫ ያጠነከረው ልብ በአንድ ምት 95 ሚሊ ሊትር ቢረጭ ግን 52 ምት ይበቃዋል። ሥራው ያው ነው፤ ጥድፊያው ቀንሷል።

ምትዎን ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ፣ ቡናም ሳይቀምሱ፣ ሙሉ 60 ሴኮንድ ይቁጠሩ። በ15 ሴኮንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት አንዷን ስህተት አራት ያደርጋታል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ወደ ደብረ ብርሃን ደጋ የወጣ ሯጭ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምቱ ከወትሮው ከፍ ሊልበት ይችላል።

ጓደኛዬ ሲሮጥ ምቱ እንደልብ ይጨምራል፣ ዳገትም አያዞረውም፤ ስለዚህ 52ቱ አላሳሰበኝም። ማዞር፣ ራስን መሳት ወይም ያልተለመደ ድካም ቢኖርበት፣ ወይም የልብ ምት የሚቀንስ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ቢሆን ኖሮ፣ ሩጫውን ምክንያት አድርጎ ከማለፍ ይልቅ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ እንዲያደርግ እነግረው ነበር።