ሰርፌስ ኮድ፦ ኪዩቢት መጨመር የሚጠቅመው መቼ ነው?

የኳንተም ኮምፒውተር የመረጃ አሃድ የሆነውን ኪዩቢት በቀጥታ ካነበቡት የያዘው የኳንተም ሁኔታ ይፈርሳል። ስለዚህ የኪዩቢቶችን ስህተት ለማረም የሚያገለግለው ሰርፌስ ኮድ ጎረቤታሞችን እርስ በርስ ያመሳክራል እንጂ አንዱን ነጥሎ አይጠይቅም።

ትንሹን እንውሰድ፦ 3 በ3 የተደረደሩ 9 ዳታ ኪዩቢቶች፣ በመካከላቸውና በጠርዙ ላይ ደግሞ 8 ፈታሾች። ስታቢላይዘር የሚባለው የፈታሹ ጥያቄ ነው። ግማሾቹ «በዙሪያዬ ያሉት 1ዎች ቁጥር ተጋማሽ ነው ወይስ ጎዶሎ?» ይላሉ፤ የቀሩት ሌላውን የኪዩቢት ስህተት ዓይነት፣ የፌዝ ስህተትን፣ በተመሳሳይ መንገድ ይፈትሻሉ። የመሃሉ ኪዩቢት ከ0 ወደ 1 ቢገለበጥ በሰያፍ በግራና በቀኙ ያሉት ሁለት የ1 ቆጣሪ ፈታሾች መልሳቸውን ይቀይራሉ፤ ጥፋተኛው በዚህ ይታወቃል። ፈታሹ ራሱም ይሳሳታልና ጥያቄው በየዙሩ ይደገማል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ከዳር እስከ ዳር ከሚዘረጉት ሦስት ኪዩቢቶች ሁለቱ አብረው ቢገለበጡ፣ ፈታሾቹ የሚሰጡት ምልክት ሦስተኛው ብቻ ሲገለበጥ ከሚሰጡት አይለይም። ስህተት ፈቺው ፕሮግራም የሚቀለውን ግምት ይዞ ሦስተኛውን «ያርማል»። ያኔ ሦስቱም ተገልብጠዋል፤ ፈታሾቹ ጸጥ ይላሉ፣ የተቀመጠው መረጃ ግን ተበላሽቷል።

7 በ7 ሲሆን ለዚህ ቢያንስ አራት ስህተት መገጣጠም አለበት። ሆኖም 49 ዳታ ኪዩቢትና 48 ፈታሽ ማለት የስህተት ምንጩም በዛ ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወስነው የስህተት ጣሪያው ነው፤ ለሰርፌስ ኮድ በግምት 1 በመቶ። የእያንዳንዱ ክንውን ስህተት ከዚያ በላይ ከሆነ ማስፋት ያባብሳል። በታች ከሆነ ይረዳል፦ በ2024 በጉግል የኳንተም ቺፕ በዊሎው ላይ ኮዱ ከ3 በ3 ወደ 5 በ5፣ ከዚያም ወደ 7 በ7 ሲሰፋ የተቀመጠው መረጃ ስህተት በየደረጃው ከግማሽ በታች ወረደ።