ዳሽቦርዱ በየስንት ደቂቃው ይታደስ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዳታችን ትንሽ ናት። በየደቂቃው ብትታደስ ምን ታስከፍላለች?»

ይህን ያለኝ አዳማ ውስጥ የታሸገ ውሃና ለስላሳ የሚያከፋፍል ድርጅት ሒሳብ ሹም ነው። የሽያጭ ሠንጠረዣቸው ያኔ 2 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም ነበር። ዳታው የሚቀመጠው ቢግኩዌሪ በሚባለው የጎግል ክላውድ የዳታ ማከማቻ ላይ ነው። ግራፋና የሚባለው የዳሽቦርድ ፕሮግራም ደግሞ ከዚያ እየጠየቀ ቢሮው ግድግዳ ላይ ባለው ቴሌቪዥን 12 ግራፎች ያሳያል። ሪፍሬሹ 1 ደቂቃ ላይ ተደርጓል።

ቢግኩዌሪ ለኳሪ፣ ማለትም ለሚላክለት የዳታ ጥያቄ፣ የሚያስከፍለው ኳሪው ባነበበው መጠን ነው። ብዙ ሰው የሚያልፋት አንዲት ደንብ ግን አለች። ኳሪው ለሚነካው ለእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ቢያንስ 10 ሜጋባይት ይታሰባል። 2 ሜጋባይት ብታነቡም የሚቆጠርባችሁ 10 ነው። ስለዚህ ዳታው ትንሽ ሲሆን ወጪውን የሚወስነው የኳሪው ብዛት ነው።

አብረን እናስላው። እያንዳንዱ ግራፍ የራሱን ኳሪ ይልካል። 12 ግራፍ በየደቂቃው ሲታደስ በሰዓት 720 ኳሪ ነው፤ በ24 ሰዓት 17,280 ይሆናል። ለምን በ24 ሰዓት? ማታ ቴሌቪዥኑን ያጠፉታል፣ ከጀርባው ያለውን ኮምፒውተር ግን አያጠፉትም። ብራውዘሩ ማንም ሳያየው ሲጠይቅ ያድራል። 17,280ን በ10 ሜጋባይት ስታባዙት በቀን 169 ጊጋባይት ገደማ ይመጣል። ቢግኩዌሪ በየወሩ በነፃ የሚሰጠው 1 ቴራባይት በ6 ቀን ያልቃል ማለት ነው።

ይህ የቴሌቪዥኑ ብቻ ነው። ሒሳብ ሹሙና የመጋዘን ኃላፊዋም ያንኑ ገጽ በየላፕቶፓቸው ከፍተው ይውላሉ። ነፃው ግራፋና አንዱ የጠየቀውን ለሌላው አያካፍልም፤ የተከፈተ ብራውዘር ሁሉ ለየራሱ ይጠይቃል። ሁለቱ ላፕቶፖች በ10 የሥራ ሰዓት 14,400 ኳሪ ይጨምራሉ። ድምሩ በቀን 31,680 ይሆናል። በዚህ አካሄድ ነፃው ድርሻ በ4ኛው ቀን ያልቃል፣ በወሩ መጨረሻ ደግሞ 9 ቴራባይት ገደማ ይደረሳል። የአሜሪካው ዋጋ በቴራባይት 6.25 ዶላር ስለሆነ ሒሳቡ ወደ 50 ዶላር ነው። ለአንዲት 2 ሜጋባይት ለማትሞላ ሠንጠረዥ! ደግሞ በዶላር የሚከፈል ነው፤ ለአነስተኛ ነጋዴ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። እኔ ነፃው ድርሻ ውስጥ ለመቆየት አጥብቄ የምከራከረው ለዚህ ነው።

«ያው ጥያቄ ሲደገም ከካሽ ነው የሚመጣው። ካሽ ደግሞ ነፃ ነው።»

ካሹ ነፃ መሆኑ እውነት ነው። ቢግኩዌሪ የአንድን ኳሪ ውጤት ለ24 ሰዓት ያህል ይዞ ያቆያል፣ ከዚያ ሲሰጥም አያስከፍልም። ነገር ግን ኳሪው ፊደል በፊደል አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ሠንጠረዡም መሐል ላይ መነካት የለበትም። እነሱ ጋ ሁለቱም አልተሟሉም ነበር።

አንደኛው ችግር የጊዜ ምርጫው ነው። ግራፋናው ላይ `Last 24 hours` ተመርጧል። ግራፋና ይህን ወደ ቁርጥ ሰዓት ቀይሮ ኳሪው ውስጥ ያስገባዋል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሰዓቱ ስለሚቀየር ኳሪው አዲስ ሆኖ ይቆጠራል። ካሹ አንድም ቀን አይሠራም። `Today` ብትመርጡ ግን ከቀኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለሚወስድ ጽሑፉ ቀኑን ሙሉ አይለወጥም።

ሁለተኛው የዳታው አገባብ ነው። የሽያጭ ሲስተሙ ደረሰኝ በተቆረጠ ቁጥር አንድ አንድ መስመር በስትሪሚንግ ይልክ ነበር። በቅርቡ ስትሪም የተደረገበት ሠንጠረዥ ከካሽ አይመለስም። በየ30 ደቂቃው ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ እንዲጫን አደረግነው። እንዲህ በጅምላ መጫን በተለመደው መንገድ ከሆነ አያስከፍልም። አሁን በሁለት ጭነቶች መካከል መጀመሪያ የጠየቀው ብቻ ይቆጠርበታል። ግራፋና ለሁሉም ሰው የሚጠይቀው በአንድ የሰርቪስ አካውንት ስለሆነ ሌሎቹ ያንኑ ካሽ ይጠቀማሉ።

ካሹ መሥራት አለመሥራቱን በግምት አትለፉት። ይህ ኳሪ የ7 ቀኑን ያሳያል፤ ዳታችሁ ሌላ ሪጅን ላይ ከሆነ `region-us` የሚለውን ቀይሩት።

```sql
SELECT DATE(creation_time, 'Africa/Addis_Ababa') AS qen,
  COUNT(*) AS query_bizat,
  COUNTIF(cache_hit) AS kecache,
  ROUND(SUM(total_bytes_billed)/POW(1024,3),1) AS gib
FROM `region-us`.INFORMATION_SCHEMA.JOBS_BY_PROJECT
WHERE creation_time > TIMESTAMP_SUB(CURRENT_TIMESTAMP(), INTERVAL 7 DAY)
  AND job_type = 'QUERY'
GROUP BY 1 ORDER BY 1
```

`kecache` ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የተጠጋ ከሆነ ከላይ ካሉት ሁለት ችግሮች አንዱን ፈልጉ። የእሁዱ ቁጥር ከሰኞው ጋር ከተቀራረበ ደግሞ ቢሮ ውስጥ ሳይጠፋ የቀረ ኮምፒውተር አለ።

«`LIMIT 10` ጨምሬበታለሁ፣ ትንሽ ነው የሚያነበው።»

እንዲያ አይሠራም። በተራ ሠንጠረዥ ላይ `LIMIT` የሚቀንሰው የሚታያችሁን መስመር ነው። የተነበበው ያው ሙሉው ዓምድ ነው። ሠንጠረዡ ሲያድግ የሚረዳው በቀን መከፋፈልና የሚያስፈልጉትን ዓምዶች ብቻ መጥራት ነው።

«ባጀት አስገብቻለሁ። ካለቀ ራሱ ያቆመዋል።»

የጎግል ክላውድ ባጀት ኢሜይል ይልክላችኋል እንጂ ምንም ነገር አያቆምም። የሚያቆመው ኮታው ነው። በኮታ ገጹ ላይ `Query usage per day` የሚለውን ፈልጋችሁ የቀን ጣሪያ ታስቀምጣላችሁ። 1 ቴራባይት ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 34 ጊጋባይት ገደማ ነው።

ጣሪያው ግን የራሱ ጠባይ አለው። የቀን ኮታው የሚታደሰው በአሜሪካ የፓስፊክ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ያ በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ እነሱ ሰዓታቸውን በክረምታቸው ሲመልሱ ደግሞ 5 ሰዓት ይሆናል። በድሮው አካሄድ ሦስቱ ኮምፒውተሮች በሰዓት 21 ጊጋባይት ይበሉ ነበር። 4 ሰዓት ላይ የታደሰው ኮታ 6 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ከዚያ እስከ ማግስቱ 4 ሰዓት ግራፎቹ በስህተት መልእክት ይሞላሉ። ወደ ወንጂና ወለንጪቲ የወጡት አይሱዙዎች ለምሳ ሲመለሱ፣ ማለትም ቁጥሩ በሚፈለግበት ሰዓት፣ ሰሌዳው ባዶ ነው።

ስለዚህ ሪፍሬሹን ከኮታው ተነስታችሁ አስሉት። 34 ጊጋባይት በ10 ሜጋባይት ሲካፈል በቀን 3,400 ኳሪ ገደማ ይሰጣል። 12 ግራፍ በ3 ኮምፒውተር ማለት አንዴ ሲታደስ 36 ኳሪ ነው። 3,400 ለ36 ሲካፈል 94 ጊዜ ይወጣል። የሥራ ቀኑ 600 ደቂቃ ስለሆነ አንዱ እድሳት ከሌላው ቢያንስ 6 ደቂቃ ተኩል ያህል መራቅ አለበት። 5 ደቂቃ እንኳ ከጣሪያው ያልፋል። 15 ደቂቃ ግን ሰፊ ቦታ ይተዋል። ይህ ኮምፒውተሩ ማታ ከጠፋና ካሹ ምንም ካልረዳ ነው፤ እኔ ስመድብ ካሹን አልቆጥረውም።

«አለቃ ሁሉንም አሁኑኑ ማየት ይፈልጋል።»

15 ደቂቃ የኮታው ወሰን ነው። የሚያስፈልገው ስንት እንደሆነ የሚነግረን ሥራው ነው። ስለዚህ ባለቤቱ አጠገብ ተቀምጬ ግራፎቹን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ የቀኑን ሽያጭ ሲያዩ ምን ያደርጋሉ?»

«ልጄ፣ መኪኖቹ ከሰዓት ስንት እሽግ ይጫኑ የሚለውን እወስናለሁ።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«7 ሰዓት ላይ ነዋ። ከዚያ በፊትማ መኪናው የታለ?»

ብዙው ነገር እዚህ መልስ ውስጥ አለ። ቁጥሩ በየደቂቃው ቢታደስም ውሳኔው በቀን አንዴ ነው። የዱቤ ቀሪ የሚታየው ጠዋት ሰብሳቢው ከመውጣቱ በፊት ነው። የወር ንጽጽሩን የሚያዩት ቅዳሜ ነው። እየተመላለሰች የምታየው የመጋዘን ኃላፊዋ ብቻ ነች። የመጫኛ ወረቀት ከመፈረሟ በፊት ቀሪ ክምችቱን፣ ተራ የሚጠብቁትን ትእዛዞችና ሊያልቅ የደረሰውን ዕቃ ታያለች። እሷም ብትሆን በየ30 ደቂቃው ከሚጫን ዳታ ቶሎ የሚደርስ ነገር አታገኝም። ምንጩ በየ30 ደቂቃው የሚሞላ ከሆነ በመካከሉ የሚደረግ እድሳት ሁሉ ያንኑ ቁጥር መልሶ ማንበብ ነው።

በግራፋና ሪፍሬሽ የሚወሰነው ለዳሽቦርዱ በሙሉ እንጂ ለየግራፉ አይደለም። ስለዚህ ለሁለት ከፈልነው። የክምችት 3 ግራፎች በየ30 ደቂቃው ይታደሳሉ። ቀሪዎቹ 9 ሪፍሬሻቸው ጠፍቶ ሰው ሲከፍታቸው ብቻ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው በ3 ኮምፒውተር በ10 ሰዓት 180 ኳሪ ነው። ሁለተኛው በቀን 15 ጊዜ ቢከፈት 135 ነው። ድምሩ 315 ሲሆን በቀን ወደ 3 ጊጋባይት ይሆናል። በወር 100 ጊጋባይት አይሞላም፤ ከነፃው ድርሻ ከአንድ አሥረኛ በታች ነው። ኮምፒውተሩም አሁን ማታ 12 ሰዓት ላይ ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጓል።

30 ደቂቃ የማይበቃበት ጊዜም አለ። በዓል ሲቃረብ መኪኖቹ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይጭናሉ፣ ክምችቱም ቶሎ ቶሎ ይወርዳል። ያኔ ጭነቱንም ሪፍሬሹንም አብረን ወደ 15 ደቂቃ እናወርዳለን። አንዱን ብቻ ማውረድ ጥቅም የለውም። የክምችቱ ኳሪ በእጥፍ ቢያድግም 360 ነው፤ ከ3,400 ብዙ ይርቃል።

«ታዲያ ሰዉ ቁጥሩ የቆየ እየመሰለው ሪፍሬሽ ሲጫን አይውልም?»

ይውላል። እኛም ጋ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሆኗል። ኃላፊዋ 5 ሰዓት ላይ ያየችው ቁጥር የስንት ሰዓት እንደሆነ የሚነግራት ነገር አልነበረም። ዳሽቦርዱ ራስጌ ላይ ዳታው መጨረሻ የተጫነበትን ሰዓት በትልቁ ጻፍነው። ሰዓቱን የሚወስደው ከሠንጠረዡ የመጫኛ ሰዓት ዓምድ ነው። የብራውዘሩን ሰዓት ማሳየት ያሳስታል፤ ጭነቱ ከጠዋት ጀምሮ ተቋርጦ እንኳ «አሁን ታድሷል» ሊል ይችላል። ይህች ሳጥን አንድ ኳሪ ትጨምራለች፤ በቀን 60 መሆኑ ነው። በማግስቱ ኃላፊዋ ሰዓቱን አይታ «የ4 ተኩሉ ነው፣ የ5ቱን ልጠብቅ» ብላ ወደ መጋዘኑ ተመለሰች።