ቲኤን፣ አይፒኤስ ወይስ ኦሌድ፦ የላፕቶፕ ስክሪን አለያየት

በላፕቶፖች ላይ በብዛት የሚገኙት ስክሪኖች ሦስት ዓይነት ናቸው። ቲኤንና አይፒኤስ ሁለቱም ኤልሲዲ ናቸው፤ ከኋላቸው ነጭ መብራት ይበራል፣ ከፊቱ ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ደግሞ በየፒክስሉ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያልፍ ይቆጣጠራል። በቲኤን ውስጥ ክሪስታሎቹ በሁለት መስታወቶች መካከል 90 ዲግሪ ተጠምዝዘው ተደርድረዋል፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው ጥምዝዙ ተፈትቶ ወደ ተመልካቹ አቅጣጫ ይቆማሉ። በዚህ ምክንያት ስክሪኑን ከላይ የሚያየውና ከታች የሚያየው ሰው የክሪስታሉን የተለያየ ጎን ያያሉ፣ ምስሉም ይለያይባቸዋል። አይፒኤስ ይህን ለማስተካከል የመጣ ሲሆን ሂታቺ እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ አቅርቦታል፤ ክሪስታሎቹ ከመስታወቱ ጋር ትይዩ እንደተኙ ስለሚዞሩ ከየትም ጎን ቢታይ ቀለሙ ብዙም አይለወጥም። ኦሌድ የኋላ መብራት የለውም። እያንዳንዱ ፒክስል ራሱ ያበራል፣ ጥቁር ሲፈለግ ደግሞ ይጠፋል።

ርካሽ አዲስ ላፕቶፖችና ከድርጅት የወጡ ያገለገሉ ላፕቶፖች ላይ ቲኤን አሁንም ብዙ ነው። ችግሩ አንድ ሞዴል በተለያየ ስክሪን መሸጡ ነው። ለምሳሌ በኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 የምርት መግለጫ ላይ ተራው ኤችዲ ስክሪንም ፉል ኤችዲውም SVA ተብለው ነው የተጻፉት፤ በኤችፒ አጻጻፍ SVA ማለት ቲኤን ነው። በዚያው ሞዴል ሰፊ የእይታ ማዕዘን ያለው UWVA የተባለው ስክሪን ነው። ስለዚህ «ፉል ኤችዲ ነው» የሚለው የሻጭ መልስ የፒክስሉን ብዛት ይነግራል እንጂ የስክሪኑን ዓይነት አይነግርም። ሌሎች አምራቾች WVA ብለው የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ አይፒኤስ ወይም የእሱ ዘመድ ነው። ምንም ያልተጻፈበት ርካሽ ላፕቶፕ ላይ ቲኤን ነው ብሎ መጠርጠር ይሻላል።

በሱቅ ውስጥ መፈተሽ

የመጀመሪያው ፈተና አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የሰው ፊት ያለበት ፎቶ ስክሪኑን ሞልቶ ይከፈት፣ ብራይትነሱ ሙሉ ይደረግ፣ ከዚያ ሰውየው ሳይንቀሳቀስ ክዳኑ ቀስ እየተባለ ወደ ኋላ ይገፋ። ቲኤን ከሆነ ምስሉ ይጨልማል፣ ትንሽ ሲቆይ ጥላው ብርሃን፣ ብርሃኑ ጥላ ሆኖ እንደ ድሮ የፎቶ ኔጋቲቭ ይገለበጣል። ክዳኑ ወደ ፊት ሲመጣ ደግሞ ምስሉ የታጠበ ይመስል ይነጣል። ወደ ግራና ቀኝ ማየት ብቻውን አይበቃም፤ ቲኤን በጎን በኩል ቢጫ ከማለት በቀር ያን ያህል አይከፋም፣ የሚያጋልጠው የላይና የታች እንቅስቃሴ ነው። ክዳኑን ሳይነኩ ለመለየት ግራጫ ብቻ የሆነ ምስል ይከፈት። በቲኤን ላይ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው እንኳ፣ የስክሪኑ የላይኛው ክፍል ከታችኛው ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ዓይን ሁለቱን የሚያይበት ማዕዘን ስለሚለያይ ነው።

አይፒኤስንና ኦሌድን ለመለየት ደግሞ ሙሉ ጥቁር ምስል ተከፍቶ ክፍሉ ጨለም ይደረጋል። ኦሌድ ላይ ስክሪኑ ከጥቁር ጠርዙ አይለይም፤ ላፕቶፑ የጠፋ ይመስላል። አይፒኤስ ላይ ግን ጥቁሩ ግራጫ ነው፣ ማዕዘኖቹም ላይ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ጭጋግ ይታያል። ጭንቅላት ሲንቀሳቀስ አብሮ የሚንቀሳቀሰው ጭጋግ የአይፒኤስ ተፈጥሮ ስለሆነ ብልሽት አይደለም። ከቦታው የማይነቃነቅ ብሩህ ነጥብ ጠርዝ ላይ ከታየ ግን የኋላ መብራቱ እየሾለከ ነው፤ ፍሬሙ የተጣመመ ወይም ስክሪኑ ተፈትቶ በደንብ ያልተገጠመ ሊሆን ይችላል።

ያገለገለ ኦሌድ ሲገዛ ሌላ ነገር ይታያል። ግራጫ፣ ከዚያም ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስል በየተራ ሙሉ ስክሪን ይከፈትና የታችኛው ጠርዝ በደንብ ይታይ። ለዓመታት እዚያው የቆየው የዊንዶውስ አሞሌ ጥላ ከታየ ፒክስሎቹ ባልተስተካከለ ሁኔታ አርጅተዋል፣ ይህም አይጠገንም።

ዓይን ያላሳመነውን የስክሪኑ ስም ያረጋግጠዋል። በዊንዶውስ ፓወርሼል ላይ ይህ ይጻፋል፦

```
Get-CimInstance -Namespace root\wmi -ClassName WmiMonitorID | Select-Object InstanceName
```

ከ DISPLAY ቀጥሎ የሚመጡት ሦስት ፊደላት አምራቹን ይነግራሉ፦ AUO፣ BOE፣ LGD፣ CMN (ኢኖሉክስ)፣ SDC (ሳምሰንግ)። ሙሉውን የስክሪን ስም ለማግኘት ግን HWiNFO የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይሻላል፤ «ሞኒተር» በሚለው ክፍሉ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። ስሙ B140XTN ወይም B156HTN ብሎ ከጀመረ ቲኤን ነው፤ B140HAN ከሆነ የአይፒኤስ ወገን ነው። ከቦኢ በኩል NT140 ቲኤን፣ NV140 የአይፒኤስ ወገን ነው። ከኢኖሉክስ N140BGA እና N140HGA ቲኤን ሲሆኑ N140HCA አይፒኤስ ነው። ATNA ብሎ የሚጀምር የሳምሰንግ ስም ደግሞ ኦሌድ ነው። ስክሪኑ ተቀይሮ ከሆነ እዚህ የሚወጣው የአሁኑ ስም ነው እንጂ ከፋብሪካ የመጣው አይደለም፤ ለገዢ የሚጠቅመውም ይኸው ነው።

ለዓይን

ለዓይን ድካም የስክሪኑ ዓይነት ብቻውን ወሳኝ አይደለም፤ ዋናው ብራይትነስ የሚቀነስበት መንገድ ነው። አንዳንድ ስክሪኖች ብርሃን የሚቀንሱት መብራቱን በፍጥነት እያጠፉና እያበሩ ነው። ብዙ የላፕቶፕ ኦሌዶች ብራይትነሱ ዝቅ ሲል በሰከንድ 240 ጊዜ ያህል ብልጭ ድርግም ይላሉ። ዓይን ብልጭታውን አያየውም፣ ግን አንዳንድ ሰዎች ራስ ምታትና የዓይን መወጠር ይሰማቸዋል፤ ሌሎች ቀኑን ሙሉ ቢያዩት ምንም አይሆኑም። ርካሽ ቲኤንና አይፒኤስም ከዚህ ነፃ አይደሉም፤ የተሻሉ አይፒኤሶች ግን ወይ ብልጭታ የላቸውም ወይ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ብራይትነስ ወደ 20 በመቶ ይውረድ፣ ነጭ ገጽ ይከፈት፣ የስልክ ካሜራ በፕሮ ሞድ ሹተሩ 1/2000 ይደረግና ወደ ስክሪኑ ይዙር። ጥቂት ወፍራም ጥቁር መስመሮች ከታዩ ብልጭታው ዝግ ያለ ነው፤ ብዙ ቀጫጭን መስመሮች ከሆኑ ፈጣን ነው፤ ምንም ከሌለ ብልጭታ የለም። ፕሮ ሞድ የሌለው ስልክ ያለው ሰው እስክሪብቶ በነጩ ገጽ ፊት በፍጥነት ያወዛውዝ፦ የተነጣጠሉ ብዙ እስክሪብቶዎች ከታዩት ብልጭታ አለ፣ ወጥ ደብዛዛ ጥላ ከሆነ የለም። ከዚያ መስመሮቹ እስኪሳሱ ድረስ ብራይትነሱን ከፍ አድርጎ፣ ማታ ማታ ስክሪኑን በሶፍትዌር ማጨለም ለኦሌድ ባለቤት ጥሩ መላ ነው። ሰማያዊ ብርሃን ዓይን ያበላሻል የሚለው ግን ለስክሪን ብርሃን የተረጋገጠ ነገር አይደለም፤ ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ዓይኑን የሚያርገበግበው ከወትሮው ባነሰ ቁጥር ስለሆነ ድርቀቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከዚያ ነው።

ቲኤን በዓይን ላይ የሚያመጣው ችግር የተለየ ነው፦ ተጠቃሚው ጥርት ያለ ምስል የሚያገኝበትን አንድ ማዕዘን ፍለጋ አንገቱን ያጎነብሳል፣ ክዳኑንም በየጊዜው ያስተካክላል።

ለቀለም ሥራ

እዚህ ላይ አይፒኤስ የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ርካሽ አይፒኤሶች መግለጫቸው ላይ «45% NTSC» ይላሉ፤ NTSC የቀለም ስፋት የሚለካበት ሚዛን ነው። የድረ ገጽና የአብዛኛው ፎቶ መለኪያ የሆነው ኤስአርጂቢ በዚያው ሚዛን 72 በመቶ አካባቢ ነው፤ 45ን ለ72 ብናካፍል 62 በመቶ ያህል ይመጣል። ማለትም ስክሪኑ ማሳየት ካለበት የቀለም ስፋት ከሦስት እጅ አንዱ በላይ ይጎድለዋል። በዓይን ለማወቅ በፔይንት ላይ ቀይ 255፣ አረንጓዴ 0፣ ሰማያዊ 0 የሆነ ምስል ተሠርቶ፣ ቀለሙ ወደ ተፈጥሯዊ ሞድ ከተመለሰ ጥሩ ስልክ አጠገብ ይታይ። በ45 በመቶው ስክሪን ላይ ቀዩ ወደ ብርቱካን ያደላል። እንዲህ ባለ ስክሪን የሠርግ ፎቶ የሚያርም ሰው ቀዩ አነሰ ብሎ ይጨምራል፣ ፎቶው ስልክ ላይ ሲከፈት ፊቱ ሁሉ የቀላ ሆኖ ይገኛል። ካሊብሬሽን ያሉትን ቀለሞች ቦታቸውን ያስይዛል፣ የሌሉትን አይፈጥርም። ቲኤን ላይ ደግሞ ካሊብሬሽን ብዙም ትርጉም የለውም፤ አንገት ትንሽ ሲነቀነቅ ልኬቱ ይፈርሳል።

ኦሌድ ወደ ተቃራኒው ያሳስታል። የቀለም ስፋቱ ከኤስአርጂቢ ስለሚበልጥ፣ ቀለም የማያስተዳድር ፕሮግራም ተራውን ፎቶ ዘርግቶ ያደምቀዋል። አርታኢው ድምቀቱን ሲቀንስ ሌላው ሰው ጋ የደበዘዘ ፎቶ ይደርሳል። ለዚህ መፍትሔው በአምራቹ ሶፍትዌር ውስጥ ኤስአርጂቢ ሞድ መርጦ መሥራት ነው። ለፎቶና ለሕትመት ሥራ 100 በመቶ ኤስአርጂቢ የሆነ አይፒኤስ ብዙ ጊዜ ከኦሌድ ያነሰ ጣጣ አለው።

ከቤት ውጭ

ፀሐይ ላይ የሚወስነው የስክሪኑ ብርሃን፣ ማለትም ኒቱ፣ እና ነጸብራቁ ነው። ተጠቃሚው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ከኋላው 5,000 ኒት ያለው ብሩህ ሰማይ አለ እንበል፤ የሚያብረቀርቅ ስክሪንም ከዚያ 4 በመቶውን ይመልሳል። ይህ 200 ኒት ነጸብራቅ ነው፣ በጥቁሩም በነጩም ላይ እኩል ይጨመራል። 250 ኒት የሆነ ርካሽ ስክሪን ነጩ 450፣ ጥቁሩ 200 ይሆናል፤ ንጽጽሩ ከ2.3 ለ 1 አያልፍም፣ ጽሑፍ ለማንበብ አድካሚ ነው። 400 ኒት ኦሌድ 600 ለ200፣ ማለትም 3 ለ 1 ይሰጣል። 500 ኒት አይፒኤስ ደግሞ 3.5 ለ 1። የኦሌድ ዝነኛ ጥቁር ውጭ ሲወጣ ዋጋ ያጣል፤ ጥቁሩ ላይ ሰማዩ ተኝቶበታል።

የኦሌድ መግለጫ ላይ 500 ወይም 600 ኒት ከተጻፈ ያ ብዙውን ጊዜ በኤችዲአር ቪዲዮ ላይ ትንሽ ቦታ የሚያበራበት ከፍታ ነው፤ ነጭ የጽሑፍ ገጽ ላይ ከዚያ ያንሳል፣ ነጭ ገጽ ደግሞ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል። አብዛኞቹ የኦሌድ ላፕቶፖች የሚያብረቀርቅ ሽፋን ስላላቸው ሰማዩንና ነጭ ሸሚዝን እንደ መስታወት ያሳያሉ። የማያብረቀርቅ ሽፋን ነጸብራቁን ይበትነዋል፤ ፊት አይታይም፣ ግን ቀጥታ ፀሐይ ካረፈበት ስክሪኑ በሙሉ ነጣ ይላል። ስለዚህ ለበረንዳና ለመስክ ሥራ ቢያንስ 400 ኒት ያለው የማያብረቀርቅ አይፒኤስ መያዝና ጀርባን ለግድግዳ ወይም ለጠቆረ ነገር ሰጥቶ መቀመጥ ያዋጣል፤ የሚንጸባረቀው ከኋላ ያለው ነገር ነውና። ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር የሚያደርግ ሰው ከመግዛቱ በፊት መነጽሩን አድርጎ ይሞክረው፦ አንዳንድ አይፒኤስ በእንዲህ ያለ መነጽር ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል፣ ቲኤን ግን አብዛኛውን ጊዜ ደብዝዞም ቢሆን ይታያል።