«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»፦ አክሲዮን የገዛ ሰው ምን ያዘ?

አንድ ሎሚ በእጅ ሲያዝ ያምራል፣ ይሸታል። በጥምቀት ጎረምሳ ለወደዳት ልጅ የሚወረውረው እሱን ነው። ሃምሳውን አንድ ሰው ይሸከም ከተባለ ግን ጣጣ ነው። ተረቱ ይህን ይዞ ነው ስለ መተባበር የሚናገረው። አክሲዮን ሻጮች በጣም ይወዱታል፤ አልፈርድባቸውም።

አዳማ ጀበና ቡና የምትሸጥ ጎረቤቴ ይህንኑ ሰምታ፣ «ወንድሜ፣ ከገዛሁ ድርጅቱ የኔም ሆነ ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ግን እንደሚመስለው አይደለም።

50 ሚሊዮን ብር የሚፈልግ የዱቄት ፋብሪካ አለ እንበል። ካፒታሉን በ50,000 አክሲዮን ከፈለው፤ አንዱ 1,000 ብር ነው። እሷ 20 ገዛች፤ 20,000 ብር። ድርሻዋ ከ2,500 እጅ አንዱ ነው። ሆኖም ይህ የእኔ ነው ብላ የምትጠቁመው ወፍጮ የለም። ከመጋዘኑ አንድ ከረጢት ዱቄት ብታነሳ ሌብነት ነው። ንብረቱ የማኅበሩ ነው፤ ማኅበሩ በሕግ ራሱን የቻለ ሰው ነው። የእሷ የሆነው መብቱ ነው፦ ከትርፍ መካፈል፣ በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ መስጠት፣ አክሲዮኑን ለሌላ መሸጥ። ብሬን መልሱልኝ ማለት ግን አይቻልም፤ ለመውጣት ገዢ መፈለግ ነው።

ፋብሪካው አተረፈና ጉባኤው 5 ሚሊዮን ብር ይከፋፈል አለ እንበል። ለእሷ ግብር ሳይቀነስ 2,000 ብር ይደርሳታል። ጉባኤው ትርፉ ለማስፋፊያ ይዋል ካለ ደግሞ የዚያን ዓመት እጇ ላይ ምንም አይገባም።

ሸክሙም ይከፋፈላል። ፋብሪካው ቢከስር አበዳሪዎቹ ቤቷን አይሸጡባትም፤ የምታጣው ያስገባችውን ነው። ሲፈርስ ግን ሠራተኛው፣ ግብሩና የባንክ ብድሩ ይቀድማሉ። ባለአክሲዮን የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚተርፍ የለም።

ተረቱ የማይነግረን አንድ ነገር አለ። እዚያ ሁሉም አንድ አንድ ሎሚ ነው የያዘው። እዚህ ግን ድምፅ የሚቆጠረው በተራ አክሲዮን ልክ እንጂ በሰው ቁጥር አይደለም። አንድ ሀብታም 30,000 አክሲዮን ከያዘ፣ በድምፅ ብልጫ በሚያልፍ ጉዳይ የጎረቤቴ 20 ድምፅ አያቆመውም። ስብሰባ ሄዳ ሒሳቡን መስማትና መጠየቅ ግን ትችላለች።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ቅጹ ላይ ነው። «የተፈረመ» እና «የተከፈለ» የሚሉት ይለያያሉ። 20 አክሲዮን ፈርማ ሩቡን፣ 5,000 ብር ብቻ ብትከፍል፣ የቀረው 15,000 ዕዳዋ ነው፤ ማኅበሩ ቢከስርም ሊጠየቅ ይችላል። «የአገልግሎት ክፍያ» ተብሎ የሚጨመረው ደግሞ አክሲዮን አይገዛም። ስለዚህ ከመፈረሟ በፊት ከምትሰጠው ብር ስንቱ አክሲዮን፣ ስንቱ የአገልግሎት ክፍያ እንደሆነ ለይተው እንዲጽፉላት ትጠይቅ።