የሞተ ሴንሰር መስመርን በመልቲሜትር መፈለግ

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ሲመጡ የጣርማበር አቀበት የመኪናን ድክመት ያወጣል። ደብረ ብርሃን ያየሁት አንድ አሮጌ መኪናም ችግሩ የታወቀው እዚያ ነው። ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጡት ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት ያጣል። ባለቤቱ የትሮትል ሴንሰሩን በአዲስ ቀይሮታል። ምንም ለውጥ የለም።

የነዳጅ ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ የሚያሳውቀው ይህ ሴንሰር ሦስት ሽቦ አለው። አንዱ ከመኪናው ኮምፒውተር 5 ቮልት ያመጣል። ሁለተኛው ግራውንድ ነው። ሦስተኛው ሲግናሉን ወደ ኮምፒውተሩ ይመልሳል። ፔዳሉ ሳይረገጥ ሲግናሉ ግማሽ ቮልት አካባቢ ይሆናል፤ ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው ሲረግጡት ሳይዘል ከ4 ቮልት በላይ ይደርሳል።

መልቲሜትሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርገን መጀመሪያ ባትሪውን ለካን። 12.6 ቮልት፣ ጥሩ ነው። ከዚያ የሴንሰሩን ሶኬት ነቅለን፣ ሞተሩን ሳናስነሳ ቁልፉን ከፈትን። ጥቁሩን መንኪያ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን 5 ቮልቱ ሽቦ ላይ አደረግን። 5 ቮልት አለ። (ባይኖር ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል ብሎ መደምደም አያስፈልግም። ያንኑ 5 ቮልት የሚጋሩ ሌሎች ሴንሰሮችን አንድ በአንድ መንቀል ነው። አንዱ ሲነቀል 5 ቮልቱ ከተመለሰ፣ ሾርት ያደረገው ያ ሴንሰር ወይም የእሱ መስመር ነው።) ለግራውንዱ ደግሞ ቀዩን ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ግራውንድ ሽቦው ላይ አደረግን። 12.5 ቮልት አነበበ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቮልት የሚለካ መልቲሜትር የሚስበው ከረንት ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ ሊበጠስ የደረሰ ሽቦም ደህና መስሎ ይታየዋል። ሽቦው የሚፈተነው ሴንሰሩ ተሰክቶ ሲሠራ ነው።

ሶኬቱን መልሰን ሰካን። ከሶኬቱ ጀርባ፣ ሽቦው በሚገባበት በኩል ቀጭን መርፌ አስገባን። ጥቁሩን ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ መልሰን ግራውንዱን ስንለካ 4 ቮልት አገኘን። ደህና ግራውንድ ከ0.1 ቮልት በታች ነው የሚያሳየው። ሲግናሉም ፔዳሉ ሳይረገጥ ከ4 ቮልት በላይ ነበር። ኮምፒውተሩ ማንም ሳይረግጠው ፔዳሉ የተረገጠ ይመስለዋል ማለት ነው።

ቁልፉን ዘግተን የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታን። ኦም የሚለካው መስመሩ ላይ ኃይል ሳይኖር ብቻ ነው፤ አለዚያ ንባቡ ይዋሻል፣ መልቲሜትሩም ሊበላሽ ይችላል። የሴንሰሩንና የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቅለን ግራውንድ ሽቦውን ከጫፍ ጫፍ ለካነው። ከ1 ኦም በታች መሆን ሲገባው 20 ሺህ ኦም ገደማ አሳየ።

ሽቦውን በእጃችን እየዳሰስን ሄድን። ሞተሩ አጠገብ ካለ የብረት ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ልባሱ ተላጧል። የክረምቱ ውሃ ገብቶ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። የተበላውን ቆርጠን አዲስ ሽቦ በሊድ በየድንበት፣ በደንብ ሸፈንነው፣ ከጠርዙም አርቀን አሰርነው። ሁሉንም ሰክተን ስንለካ ግራውንዱ 0.02 ቮልት ሆነ፤ ሲግናሉም ፔዳሉን ተከትሎ ከ0.6 እስከ 4.2 ቮልት ወጣ።