ቦታ እያለ ፋይል የማይፈጠርበት ዲስክ፦ በሊኑክስ የአይኖድ ማለቅ

በሊኑክስ ሰርቨር ላይ አዲስ ፋይል ለመፍጠር ሲሞከር `No space left on device` የሚል መልስ ይመጣል፤ ትርጉሙም በመሣሪያው ላይ የቀረ ቦታ የለም ማለት ነው። የዲስኩ ይዞታ ሲታይ ግን ግማሽ ያህሉ ባዶ ነው። ስህተቱን ያወጣው ከርነል አልዋሸም፤ የዲስኩን ባዶነት ያሳየው ትዕዛዝም አልተሳሳተም። አንድ ፋይል ሲፈጠር ከሁለት የተለያዩ ክምችቶች ይወስዳል። አንደኛው መረጃው የሚጻፍባቸው ብሎኮች ናቸው፤ ሁለተኛው አይኖድ የሚባለው መዝገብ ነው። ከሁለቱ አንዱ ካለቀ ሥራው ይቆማል፤ ለሁለቱም ጉድለት የሚሰጠው የስህተት መልእክት ግን አንድ ብቻ ነው። ይህ የመልእክት መደራረብ ብዙ ሰው በሌሊት ተነሥቶ ትልልቅ ፋይሎችን በከንቱ እንዲያጠፋ አድርጓል።

አይኖድ የአንድ ፋይል የማኅደር ገጽ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። የፋይሉ ባለቤት፣ ፈቃዶቹ፣ መጠኑ፣ የተለወጠበት ጊዜ፣ መረጃው የሚገኝባቸው ብሎኮች አድራሻ ሁሉ እዚያ ተጽፏል። የፋይሉ ስም ግን የለበትም። ስሙ የሚቀመጠው በፎልደሩ ውስጥ፣ ከአይኖዱ ቁጥር ጎን ነው። ስለዚህ አንድን ፋይል በዚያው ፋይል ሲስተም ውስጥ ስሙን መቀየር ወይም በሌላ ስም በሃርድ ሊንክ ማያያዝ አዲስ አይኖድ አይጠይቅም። በተቃራኒው እያንዳንዱ ፎልደር፣ እያንዳንዱ ሲምቦሊክ ሊንክ፣ አንድም ባይት የሌለው ባዶ ፋይል ሳይቀር አንድ አንድ አይኖድ ይወስዳል።

በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚገኘው `ext4` የተባለው ፋይል ሲስተም የአይኖዶቹን ብዛት የሚወስነው ፓርቲሽኑ ፎርማት በሚደረግበት ቅጽበት ነው። ፎርማት የሚያደርገው ፕሮግራም ሌላ መመሪያ ካልተሰጠው በተለመደው ቅንብሩ ለየ16,384 ባይቱ አንድ አይኖድ ያዘጋጃል። የ20 ጊጋባይት ፓርቲሽን በዚህ ስሌት 1,310,720 አይኖዶች ያገኛል። አሠራሩ በውስጡ አንድ ግምት አለው፦ በዚህ ዲስክ ላይ የሚቀመጡ ፋይሎች በአማካይ ከ16 ኪሎባይት አያንሱም የሚል ግምት። ለተራ አጠቃቀም ግምቱ በጣም ለጋስ ነው፤ አብዛኛው ዲስክ ከአይኖዶቹ የሚበልጡትን ሳይነካቸው ይኖራል። ፋይሎቹ ሁሉ በ4 ኪሎባይት አንድ ብሎክ ውስጥ የሚያልቁ ከሆነ ግን አይኖዶቹ ሲሟጠጡ የተያዘው ቦታ ገና 5 ጊጋባይት፣ ማለትም የዲስኩ አንድ አራተኛ ነው። ባዶ ፋይሎች ከሆኑ ደግሞ በይዘታቸው የሚይዙት ብሎክ ጨርሶ የለም።

አይኖድ ሲያልቅ ሰርቨሩ በአንድ ጊዜ አይወድቅም፤ ለመለየት አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ቀድሞ የተፈጠሩ ፋይሎች እንደ ወትሮው ይነበባሉ፣ ይጻፍባቸዋል፣ ይረዝማሉ። ስለዚህ ዳታቤዙ በነበሩት ሰንጠረዦች ላይ መረጃ መጨመሩን ሊቀጥል ይችላል፤ ጊዜያዊ ፋይል የሚያስፈልገው ከባድ ጥያቄ ሲመጣለት ግን ይሰናከላል። ፕሮግራም መጫንም ሆነ የይለፍ ቃል መቀየር አይሳካም፤ ሁለቱም አዲስ ፋይል ጽፈው በአሮጌው ቦታ የሚተኩ ናቸውና። በአንዳንድ የቆዩ የባሽ ቅጂዎች ላይ ታብ ሲጫን እንኳ ጊዜያዊ ፋይል መፍጠር አልተቻለም የሚል መልእክት ይወጣል። እኔ ይህንን ከምልክቶቹ ሁሉ ታማኙ አድርጌ እወስደዋለሁ። የሩት ሥልጣንም አያድንም። `ext4` ከብሎኮቹ 5 በመቶውን ለሩት ያስቀምጣል፤ ከአይኖዶቹ ግን ለእርሱ ተለይቶ የሚቀመጥለት መጠባበቂያ የለም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ከመነሻው እስከ መፍትሔው እንከተለው። አንድ የድረ ገጽ ሰርቨር ከላይ የተጠቀሰው ዓይነት የ20 ጊጋባይት ፓርቲሽን አለው። ተጠቃሚዎች መግባት አቅቷቸዋል፤ ሎጉም ቦታ የለም ይላል። መጀመሪያ የሚጠየቁት ሁለት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

```
$ df -h /
Filesystem  Size  Used Avail Use% Mounted on
/dev/vda1    20G  9.1G  9.5G  49% /

$ df -i /
Filesystem   Inodes   IUsed IFree IUse% Mounted on
/dev/vda1   1310720 1310720     0  100% /
```

የመጀመሪያው ብሎኮችን፣ ሁለተኛው አይኖዶችን ይቆጥራል። `IFree` በሚለው ዐምድ ሥር ያለው ዜሮ ምርመራውን ይዘጋዋል። ቀጣዩ ጥያቄ 1.3 ሚሊዮን አይኖድ የበላው ማን ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ትልልቅ ፋይሎችን መፈለግ ምንም አይጠቅምም። አንድ የ5 ጊጋባይት የመጠባበቂያ ቅጂ ማጥፋት የሚመልሰው አንድ አይኖድ ብቻ ነውና። መለካት ያለበት የፋይሎቹ ቁጥር ነው፦

```
du --inodes -xS / | sort -rn | head
```

`-x` ፍለጋው ከዚህ ፋይል ሲስተም እንዳይወጣ ይከለክላል፤ `-S` ደግሞ የእያንዳንዱን ፎልደር ቁጥር ከንዑስ ፎልደሮቹ ለይቶ ያሳያል። እያንዳንዱን ፋይል በስሙ ዘርዝሮ የሚደረድር ትዕዛዝ መጠቀም ግን እዚህ አደገኛ ነው። `sort` ዝርዝሩ ሲበዛበት ጊዜያዊ ፋይል ሊፈጥር ይሞክራል፤ ያንን መፍጠር ደግሞ የማይቻለው አሁን ነው። ግድ ካለ በ`sort -T /dev/shm` ጊዜያዊ ፋይሎቹን ወደ ማህደረ ትውስታ ማዞር ይቻላል።

በምሳሌያችን ከዝርዝሩ አናት ላይ `/srv/portal/sessions` ከ1,131,000 በላይ ፋይሎችን ይዞ ይወጣል። ቀሪው ሲስተም በሙሉ 179,000 ገደማ ብቻ ነው። ፋይሎቹ የፒኤችፒ ሴሽኖች ሲሆኑ፣ መጠናቸው ሲታይ ሁሉም ማለት ይቻላል ዜሮ ባይት ናቸው። የፈጠራቸው ተጠቃሚ አይደለም። ድረ ገጹ በሕይወት መኖሩን በየ10 ሰከንዱ የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም አለ። ፕሮግራሙ ኩኪ ስለማይዝ በጠየቀ ቁጥር እንደ አዲስ እንግዳ ይቆጠራል፤ በየጊዜው አዲስ ሴሽን ይከፈትለታል፤ ምንም ስለማይጻፍበትም ፋይሉ ባዶ ሆኖ ይቀራል። በቀን 8,640 ፋይል ማለት ነው። በ131 ቀን፣ ከአራት ወር ጥቂት አልፎ፣ 1,131,840 ይደርሳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የ`df -h` ውጤት አንድ ቁጥር እንኳ ጨምሮ ላይታይ ይችላል፤ የፎልደሩ የራሱ የስም ዝርዝር ብቻ ከተለመደው 4 ኪሎባይት ተነሥቶ ከ40 ሜጋባይት በላይ ያብጣል።

ለምን አልጸዱም? በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ፒኤችፒ ሴሽኖችን በራሱ እንዳያጸዳ ተደርጎ ነው የሚጫነው። ጽዳቱን የሚሠራው በየጊዜው የሚነሣ ሌላ ተግባር ሲሆን፣ የሚያየውም በ`php.ini` ውስጥ የተመዘገበውን ፎልደር ነው። የዚህ ድረ ገጽ ጸሐፊ የሴሽኖቹን ቦታ በኮዱ ውስጥ ቀይሮታል። የጽዳቱ ተግባር ፎልደሩ ስለመኖሩ አያውቅም።

በዚህ ፎልደር ውስጥ `rm *` ብሎ ለማጥፋት የሚሞክር ሰው `Argument list too long` የሚል መልስ ያገኛል፤ ሼሉ ከሚሊዮን በላይ ስሞችን በአንድ ትዕዛዝ ማስተላለፍ አይችልም። `ls` ራሱም ስሞቹን ለመደርደር ሲል ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ `ls -f` ሳይደረድር ወዲያው ማሳየት ይጀምራል። የሚሠራው መንገድ `find` ነው፦

```
find /srv/portal/sessions -type f -name 'sess_*' -mmin +1440 -delete
```

ይህ ከአንድ ቀን ወዲህ ያልተነኩትን ብቻ ያጠፋል፤ በሥራ ላይ ያሉ ተጠቃሚዎች ሴሽናቸውን አያጡም። `-delete` ከሌሎቹ መለያዎች በኋላ መጻፍ አለበት፤ ቀድሞ ከተጻፈ መለያዎቹ ሳይታዩ ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ በእርሱ ፈንታ `-print` አድርጎ ውጤቱን ማየት የግድ ነው። ማጥፋቱ ደቂቃዎችን ሊወስድ ይችላል፤ ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ፋይሎች እንደተነሡ አይኖዶቹ ይለቀቃሉ፣ አገልግሎቱም ጽዳቱ ሳያልቅ ይመለሳል። ዘላቂው መፍትሔ ግን ሁለት ነገር ነው፦ ተቆጣጣሪው ሴሽን የማይከፍት ገጽ እንዲጠይቅ ማድረግ፣ እንዲሁም ይህንኑ የ`find` ትዕዛዝ በየሰዓቱ እንዲሠራ በክሮን ማስያዝ።

ፋይሎቹ በእውነት የሚያስፈልጉ ሲሆኑስ? ለምሳሌ እያንዳንዱን መልእክት በአንድ ፋይል የሚያስቀምጥ የኢሜይል ሰርቨር ሊጸዳ አይችልም። በተሠራ `ext4` ላይ የአይኖድ ቁጥርን ብቻውን የሚጨምር ትዕዛዝ የለም። ፓርቲሽኑ ሊሰፋ ከቻለ `resize2fs` ከተጨመረው ቦታ ጋር በዚያው ምጣኔ አዳዲስ አይኖዶችን ያክላል። ካልሆነ መረጃውን ወደ ሌላ ቦታ አውጥቶ እንደገና ፎርማት ማድረግ ነው። ያኔ `mkfs.ext4 -i 4096` ቢባል የ20 ጊጋባይቱ ፓርቲሽን 5,242,880 አይኖዶች ያገኛል። ይህ ዋጋ አለው፤ እያንዳንዱ አይኖድ 256 ባይት ስለሆነ ሰንጠረዡ ከ320 ሜጋባይት ወደ 1.25 ጊጋባይት ያድጋል፤ ፋይሎቹ ባይመጡም ቦታው ተይዞ ይቀራል።

ሌሎች ፋይል ሲስተሞች የተለየ አሠራር አላቸው። `xfs` አይኖዶችን ሲያስፈልጉ ከነፃው ቦታ ላይ ይሠራል፤ ስለዚህ በመነሻው ላይ የተቆረጠ ቁጥር የለውም፤ አይኖዶች ሊይዙት የሚችሉት የቦታ ድርሻ ጣሪያ ግን አለው። በ`btrfs` ላይ `df -i` ዜሮ በዜሮ ያሳያል፤ ይህ ማለቅን ሳይሆን እንዲህ ያለ ቆጠራ አለመኖሩን ነው የሚናገረው። ማህደረ ትውስታ ላይ የሚኖረው `tmpfs` ግን የአይኖድ ገደብ አለው፤ እንደገና ሲያያዝ በ`nr_inodes` ሊቀየር ይችላል።

`df -h`ም `df -i`ም ሰፊ ቦታ እያሳዩ ያው መልእክት የሚወጣበት ጊዜም አለ። የፋይሎችን ለውጥ የሚከታተለው የከርነሉ ክፍል ኢኖቲፋይ፣ ለአንድ ተጠቃሚ የተፈቀደው የክትትል ብዛት ሲሞላ፣ በዚያው የስህተት ቁጥር 28 ይመልሳል። የኮድ ማረሚያ ወይም ፋይል አመሳሳይ ፕሮግራም ብቻ ቦታ የለም እያለ፣ `touch` ግን ያለ ችግር ፋይል ከፈጠረ፣ መመርመር ያለበት ዲስኩ ሳይሆን `fs.inotify.max_user_watches` የሚባለው ቅንብር ነው።